የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ከክትትል የጠፋ ታካሚ እንዴት ይቆጠራል?

«ክትትሉን ያቋረጠውን ከስሌቱ አውጣው፤ መጨረሻው አይታወቅማ!»

መጨረሻው ባይታወቅም እስከዚያ ድረስ የኖረው ይታወቃል። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት መዝገብ ፊታችን ተከፍቷል እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ እኔ ያወጣኋቸው ናቸው።

አሥር ሰዎች መድኃኒት ጀመሩ። ሦስቱ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ወር ሞቱ። አንዲት እናት በ3ኛው ወር ወደ ባሕር ዳር ተዛወሩ። አንድ ወጣት 6ኛው ወር ላይ መድኃኒቱን ወስዶ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሌላም ሰው ከ9ኛው ወር ቀጠሮው በኋላ አልታየም። የቀሩት አራቱ 12 ወር ሞልተው በሕይወት አሉ።

ክትትሉን ያቋረጡትን ሦስቱን ከጣልናቸው ከሰባት አራት ቀረ፤ 57 በመቶ። ግን መተማ የወረደው ልጅ ስድስት ወር ሙሉ በሕይወት እንደነበር በዓይናችን አይተናል። እሱን ስንጥል ያንን ስድስት ወር አብረን ጣልነው። ከሞቱት ግን አንድም አልጣልንም። ውጤቱ ዝቅ ያለው ለዚህ ነው።

ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ሜየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ዘዴ ይህን ይፈታል። ሰው እስከታየበት ቀን ድረስ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ከተቆጣሪዎቹ ይወጣል። ስሌቱ የሚሠራው ሞት ባለበት ወር ብቻ ነው። በ2ኛው ወር ክትትል ላይ ከነበሩት 10 ሰዎች 9ኙ ተረፉ፦ 0.90። በ5ኛው ወር የቀሩት 8 ናቸው፤ 7ቱ ተረፉ፦ 0.90 × 7/8 = 0.7875። በ8ኛው ወር ከ6ቱ 5ቱ ተረፉ፦ 0.7875 × 5/6 = 0.656። ስለዚህ 12 ወር የመኖር ዕድላቸው 66 በመቶ ገደማ ነው።

በአር ፕሮግራም ማረጋገጥ ለሚፈልግ (ሞት 1፣ ሌላው ሁሉ 0 ነው)፦

```
library(survival)
t <- c(2,3,5,6,8,9,12,12,12,12)
s <- c(1,0,1,0,1,0,0,0,0,0)
summary(survfit(Surv(t, s) ~ 1))
```

«የጠፋበት ቀን ማለት መዝገቡ ላይ ‹ጠፍቷል› ተብሎ የተጻፈበት ቀን ነው»

አይደለም፤ በአካል ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን ነው። መተማ የወረደው ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ6ኛው ወር ነው። «ጠፍቷል» ተብሎ የተጻፈው ግን በ9ኛው ወር ይሆናል። 9 ብለን ከሞላን በ8ኛው ወር ሞት ላይ ተቆጣሪዎቹ ሰባት ይሆናሉ፤ ውጤቱም ወደ 67.5 በመቶ ከፍ ይላል። ማንም ባላየው ሦስት ወር «በሕይወት ነበር» ብለን መሰከርንለት ማለት ነው። በአንድ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው። መዝገቡ በሙሉ እንዲህ ከተሞላ ግን ትንሽ አይሆንም።

«ካፕላን ሜየር ከተጠቀምን የጠፉት ሰዎች ጉዳይ አለቀ»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ዘዴው አንድ ነገር ያምናል፦ የጠፋው ሰው የመሞት ዕድሉ ክትትል ላይ ከቀረው ጋር እኩል ነው ብሎ። ለአጨዳ የወረደ ጎረምሳ ከሆነ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ነገር ግን ሰው የሚጠፋው ለሥራ ብቻ አይደለም። በሽታው ሲጠናበት ጸበል የሚገባ አለ። ዘመድ ቤት ሄዶ እዚያው የሚያርፍና ለጤና ጣቢያው የሚነግርለት ያጣም አለ።

እስቲ 9ኛው ወር ላይ የጠፋውን ሰው ካርድ እንየው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ክብደት፦ 52፣ 49፣ 45 ኪሎ። ከዚያ ባዶ ነው። ይህን ሰው «እንደ ሌሎቹ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። የጠፉት ሁሉ ካርዳቸው እንዲህ የሚወርድ ከሆነ 66 በመቶው ከእውነቱ በላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛው የጠፉትንና የቀሩትን በመጨረሻው ቀጠሯቸው ክብደትና የሲዲ4 ቁጥር ማወዳደር ነው። ሁለተኛው ከጠፉት ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ ስልክ መደወል፣ ካልተነሳም ቤታቸው ድረስ ሰው መላክ ነው። ለሁሉም መድረስ ባይቻል እንኳ የተገኙት ስለቀሩት ይናገራሉ። ሁለቱም ካልተቻሉ ዳርና ዳሩን ማሳየት ይገባል፦ ክትትሉን ያቋረጡት ሦስቱም ሞተው ቢሆን 40 በመቶ፣ ሦስቱም በሕይወት ቢኖሩ 70 በመቶ። 66ቱን ብቻ ነጥሎ ሪፖርት ማድረግ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

«የካፕላን ሜየር ግራፍ መስመር መጨረሻ ላይ ጠፍጣፋ ሆነ፤ እዚያ የደረሰ አይሞትም ማለት ነው»

በምሳሌያችን መስመሩ ከ8ኛው ወር በኋላ አይንቀሳቀስም። ግን ከ9ኛው ወር ወዲህ የሚታዩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በ11ኛው ወር ቢሞት መስመሩ ከ66 ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ሰው! ለዚህ ነው ከግራፉ ሥር በየሦስት ወሩ ስንት ሰው ክትትል ላይ እንደቀረ መጻፍ ያለበት፦ ሲጀመር 10፣ በ3ኛው ወር 9፣ በ6ኛው 7፣ በ9ኛው 5፣ በ12ኛው 4።