ዶላር ሸጦ የገንዘብን መውደቅ ማዘግየት፦ ታይላንድ በ1997 ክምችቷን እንዴት እንደጨረሰች

የውጭ ምንዛሪ ክምችት ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ህሊናው የሚያየው በባንክ ምድር ቤት የተቆለለ የዶላር ኖት ነው። ክምችቱ ግን በአብዛኛው የሚቀመጠው በወረቀትና በሒሳብ መዝገብ ነው። የአሜሪካና የሌሎች ትልልቅ አገሮች የመንግሥት ቦንድ አለበት። በውጭ ባንኮች የተቀመጠ ገንዘብ አለበት። ወርቅም አለበት። ዋናው መለያው ማዕከላዊ ባንኩ በፈለገ ሰዓት ቶሎ ሸጦ በእጁ ሊያስገባው መቻሉ ነው። ግድብም ሆነ አየር መንገድ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ክምችት ውስጥ አይቆጠርም። ዛሬ ተሸጦ ለነገ አይደርስማ።

ስንት ሲሆን ይበቃል? የቆየው መለኪያ አገሪቱ ቢያንስ የሦስት ወር የገቢ ዕቃዋን የምትከፍልበት ይኑራት የሚል ነው። ሁለተኛው መለኪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ለውጭ አበዳሪ መከፈል ያለበትን ዕዳ ከክምችቱ ጋር ያነጻጽራል። እኔ ሁለተኛውን የበለጠ አምነዋለሁ። ለምን እንደሆነ ከታይላንድ ታሪክ ይታያል።

መጀመሪያ ግን ሽያጩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሰው ሁሉ የአገሩን ገንዘብ ትቶ ዶላር መፈለግ ሲጀምር የዶላር ዋጋ ይወጣል። ማዕከላዊ ባንኩ ከክምችቱ ዶላር አውጥቶ ለገበያው ያቀርባል። ፈላጊው ዶላሩን ስለሚያገኝ ዋጋው መሮጡን ያቆማል። ይህ የሚታየው ግማሽ ነው።

ሌላኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባንኩ ዶላሩን በነፃ አይሰጥም፤ በለውጡ የራሱን ገንዘብ ይሰበስባል። የታይላንድን ገንዘብ ባህትን እንውሰድ፤ ዶላር በ25 ባህት በሚመነዘርበት ጊዜ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የታይላንድ ባንክ 1 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ 25 ቢሊዮን ባህት ከገበያው ይወጣል። ገንዘቡ ተመልሶ ወደ ማዕከላዊ ባንኩ ስለገባ ከዝውውር ውጭ ሆነ ማለት ነው። ባንኮች ባህት ያጥራቸዋል፣ ወለድ ይጨምራል። ወለድ ሲጨምር ባህት ይዞ መቆየት ያዋጣል፤ ባህት ተበድሮ ዶላር መግዛት ደግሞ ይከብዳል። ሽያጩ ጉልበት የሚያገኘው በዋናነት ከዚህ ነው። የወጣው ገንዘብ በሌላ በር ተመልሶ ከገባ ግን ከዶላሩ መሄድ በስተቀር የሚቀር ነገር የለም።

ታይላንድ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አገሪቱ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባህትን በአብዛኛው ከዶላር ጋር አስራ ይዛ ነበር። ዋጋው ለዓመታት ከ25 ባህት እምብዛም አልራቀም። ይህ ለተበዳሪ ምቹ ነበር። በባንኮክ ያሉ ባንኮችና የፋይናንስ ኩባንያዎች በዝቅተኛ ወለድ ዶላር ከውጭ ተበደሩ፣ ወደ ባህት ቀየሩት፣ ለሕንፃና ለመሬት ንግድ አበደሩት። ምንዛሪው አይነቃነቅም ብለው ስላመኑ ለምንዛሪ ለውጥ መጠባበቂያ የያዘው ጥቂት ነበር። በ1996 የወጪ ንግዱ እድገት ቆመ። አገሪቱ ከውጭ የምትገዛው ከምትሸጠው እጅግ በልጦ፣ ጉድለቱ የኢኮኖሚውን 8 በመቶ ያህል ደረሰ። ሕንፃዎቹ ገዢ አጡ። ያበደሩት ኩባንያዎችም መንገዳገድ ጀመሩ።

በ1996 መጨረሻ ክምችቱ 38 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በገቢ ዕቃ ሲሰላ ከስድስት ወር ያላነሰ ስለሆነ በመጀመሪያው መለኪያ ታይላንድ ደህና ናት። በሁለተኛው ስትመዘን ግን በአጭር ጊዜ የሚከፈለው የውጭ ዕዳ ከክምችቱ ይበልጥ ነበር። አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንዘባችንን መልሱ ቢሉ ለሁሉም የሚዳረስ ዶላር የለም። ባህት ላይ የተወራረዱት ሄጅ ፈንዶች፣ ማለትም የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው በዋጋ መለዋወጥ ለማትረፍ የሚነግዱት ድርጅቶች፣ ያዩት ይህንን ስሌት ነው።

ውርርዱ ቀላል ነው። ባህት ትበደራለህ፣ ወዲያው ሸጠህ ዶላር ትገዛለህ፣ ባህት ሲወድቅ በጥቂት ዶላር ብዙ ባህት ገዝተህ ብድርህን ትከፍላለህ። ትርፉ የሚጠፋው ባህት ሳይወድቅ ከቆየና የብድሩ ወለድ ከከበደ ነው።

ጥቃቱ በሜይ 1997 በረታ። የታይላንድ ባንክ ዶላር እየሸጠ ቆመለት። በሜይ 14 አንድ ቀን ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመከላከያ ዋለ። በማግስቱ ባንኩ ሌላ መንገድ ያዘ፤ የአገሪቱ ባንኮች ለውጭ ተጫዋቾች ባህት እንዳያበድሩ ከለከለ። ከአገር ውጭ ባህት ጠፋ፣ የአንድ ሌሊት ብድር ወለድም ሰማይ ነካ። ባህት ተበድረው የሸጡት ፈንዶች ብዙ ገንዘብ ከሰሩ። ለጥቂት ሳምንታት ማዕከላዊ ባንኩ ያሸነፈ መሰለ።

ውስጡ ግን ሌላ ነበር። በአንድ በኩል ባንኩ ዶላር ሸጦ ባህት ይሰበስባል። በሌላ በኩል በሥሩ ያለው ፈንድ ሊወድቁ የደረሱትን የፋይናንስ ኩባንያዎች ለማዳን በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ባህት ያበድራል። ያ ባህት ገበያ ውስጥ ይገባል። አስቀማጮች ያወጡታል፣ ከፊሉም ዶላር ፍለጋ ይወጣል። በቀኝ እጅ የተሰበሰበው በግራ እጅ ተበተነ። ወለድ ቢጨምር ኩባንያዎቹ ይሞታሉ፤ ወለድ ካልጨመረ ባህት ይሞታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሄጅ ፈንዶቹ ላይ ብቻ ሲለጠፍ እሰማለሁ። እነሱ ቀዳዳውን አዩት እንጂ አልሠሩትም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ከሕዝብ የተሰወረው ነው። ባንኩ ክምችቱ እየቀነሰ መሄዱ እንዳይታይበት በስዋፕ ተጠቀመ። አሠራሩን በቁጥር ብንከተለው ይገባናል። ባንኩ ዛሬ 1 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ 25 ቢሊዮን ባህት ይቀበላል። ክምችቱ በ1 ቢሊዮን ጎደለ። ቀጥሎ ከሌላ ባንክ ጋር ይዋዋላል፦ «ዛሬ 25 ቢሊዮን ባህት ልስጥህ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ስጠኝ። ከስድስት ወር በኋላ ዶላሩን እመልስልሃለሁ፣ አንተም ባህቱን ትመልሳለህ።» መመለሻው ዋጋም ዛሬውኑ ይቆረጣል። አሁን ዶላሩ ወደ መዝገቡ ተመለሰ፣ ክምችቱ እንደነበረ ነው። ባህቱም ወደ ገበያው ተመለሰ፣ ስለዚህ ወለድ አልተነካም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባንኩ ከስድስት ወር በኋላ የሚከፍለው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ገብቷል፤ ይህ ዕዳ ደግሞ በሚታወጀው ክምችት ላይ አይታይም።

በጁን 1997 መጨረሻ ይፋ የሆነው ክምችት 32 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የተገባው የወደፊት ግዴታ ሲቀነስ በእጅ የነበረው ከ3 ቢሊዮን በታች ነው። ጁን 30 ጠቅላይ ሚኒስትር ቻቫሊት ዮንግቻይዩት የባህት ዋጋ አይቀነስም ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 2 ማለዳ፣ ባንኩ ባህትን ለቀቀው። ባህት በዚያው ቀን ከ15 በመቶ በላይ ወደቀ። በጃንዋሪ 1998 አንድ ዶላር ከ50 ባህት በላይ ይሸጥ ነበር።

በኦገስት 1997 ታይላንድ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በ17.2 ቢሊዮን ዶላር የድጋፍ ጥቅል ተስማማች። የተሰወረው ቁጥርም ያኔ ወጣ፦ 23.4 ቢሊዮን ዶላር የወደፊት ግዴታ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያው ምሳሌ ይታያል። ባንኩ 1 ቢሊዮን ዶላር በ25 ባህት ለመመለስ ቃል ገብቷል። ቀኑ ሲደርስ ዶላር 40 ባህት ከሆነ በእያንዳንዱ ዶላር 15 ባህት፣ በጠቅላላው 15 ቢሊዮን ባህት ይከስራል። ከፋዩ ዞሮ ዞሮ የታይላንድ ሕዝብ ነው። በዋጋው ተታልሎ ዶላር የተበደረ ነጋዴ ዕዳው በባህት ሲሰላ በእጥፍ ጨመረበት፤ ሠራተኛው ደግሞ ከሥራ ወጣ። አስቀድሞ ክምችቱ ሳያልቅ ባህትን ቢለቁት ኖሮ ባህት መውደቁ አይቀርም ነበር። ግን በእጃቸው 30 ቢሊዮን ይዘው መውደቁን ማለዘብ ይችሉ ነበር።

ክምችት መሸጥ መቼ ይሠራል ታዲያ? ዋጋው ራሱ መንቀሳቀስ ሲፈቀድለት ነው። ዋጋው ከታሰረ ሻጩ ባንክ ለመጣው ሁሉ በዚያው ዋጋ መሸጥ ግዴታው ነው፤ ስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ገዢው ነው። ዋጋው ከተፈታ ግን ባንኩ «ዛሬ ይህን ያህል ብቻ እሸጣለሁ» ማለት ይችላል። ፈላጊው ከበዛ ዋጋው ትንሽ ይወጣል፣ ሽያጩም ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

እኛ አገርም ይህን በቅርብ አይተነዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ተመን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር ለባንኮች በጨረታ መሸጥ ጀመረ። በጨረታ መጠኑን ሻጩ ይቆርጣል፣ ዋጋውን ተጫራቾቹ ያወጣሉ። ጨረታ ጥቅሙ ክምችቱ በአንድ ሳምንት ተመንጥሮ አለማለቁ ነው። ገደቡም ግልጽ ነው። የገቢ ዕቃ ፍላጎት ከወጪ ንግድና ከሐዋላ ከሚገባው ዶላር በልጦ ከቀጠለ፣ ወይም ባንኩ በጎን ብር በብዛት ካተመ፣ ጨረታው ወራት ይገዛል እንጂ አቅጣጫውን አይለውጥም። ውጭ ያለ ወገን ዶላሩን በባንክ ይላክ ወይስ በጥቁር ገበያ የሚለውን ሲወስን የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ነው የሚያየው፤ ይህ ክፍተት ከሰፋ ጨረታው በቂ እንዳልሆነ ምልክት ነው።

ሁኔታው እየተበላሸ መሆኑን ከውጭ ሆኖ ማወቅ ይቻላል? በከፊል። ማዕከላዊ ባንኩ ዶላር እሸጣለሁ እያለ የአገር ውስጥ ወለድ ካልጨመረ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በሌላ በር እየተመለሰ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። በገበያ ትልቅ ሽያጭ እየተወራ የታወጀው ክምችት ካልቀነሰ ደግሞ የወደፊት ግዴታ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። በ1997 የባንኮክ ጋዜጣ አንባቢ ይህን ጥያቄ ቢጠይቅም መልስ አያገኝም ነበር፤ ቁጥሩ የትም አይታተምም።

ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 የመረጃ መስፈርቱን አጠበቀ፦ መስፈርቱን የተቀበሉ አገሮች ክምችታቸውን ሲያሳውቁ በላዩ ያለውን የወደፊት ግዴታም አብረው እንዲያሳዩ። የታይላንድ ባንክም ዛሬ በየሳምንቱ ሁለት ቁጥሮችን ያወጣል። አንዱ ክምችቱ ነው፤ ሌላው የተጣራው የወደፊት ግብይት ነው።