ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚወለድ ንግድ ምንድን ነው?

ሰው ለራሱ ደስታ ሲል የሚሠራውን ነገር፣ ሹራብ መሥራትም ይሁን ፎቶግራፍ ማንሳት ወይም እንጨት መቅረጽ፣ ለሌሎች በዋጋ ማቅረብ ሲጀምር ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያው ንግድ ተወለደ እንላለን። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሙያውም መሣሪያውም አስቀድሞ በእጅ አለ። የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ በደስታ ያለፈ ሰዓትና ቤት የተቀመጠ ክር ወጪ አይመስሉም።

በእጅ የሚሠራ የልጅ ሹራብን እንመልከት። አንዱ በ100 ይሸጣል፣ ክሩም 30 ይፈጃል እንበል። ሠሪዋ ሹራቡን ለመሥራት 12 ሰዓት ከወሰደባት፣ የተረፋትን 70 ለ12 አካፍላ በሰዓት 6 ገደማ እያገኘሁ ነው ትላለች። ነገር ግን ክሩን መርጦ መግዛት፣ ጀርባውን፣ ፊቱንና እጅጌዎቹን መስፋት፣ አጥቦ ቅርጽ ማስያዝ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ከገዢው ጋር መነጋገር ሌላ 4 ሰዓት ይወስዳል። ለቁልፍ፣ ለማሸጊያና ለማድረሻ ደግሞ 10 ይወጣል። ስለዚህ የቀረው 60 ለ16 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 4 እንኳን አይሞላም። በሌላ ሥራ በሰዓት ከምታገኘው ጋር መወዳደር ያለበት ይህ ቁጥር ነው። ሰዓቱን በግምት ማስቀመጥ አያዋጣም፤ ሁለት ሦስት ሹራብ እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱን ሥራ በሰዓት መዝግቦ መያዝ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ትዕዛዙ ሲበዛ ሰዓቱ ይቀንሳል ወይ የሚለው ነው። ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ጨርቁን ደራርቦ በአንድ ጊዜ ስለሚቆርጥ፣ አሥር ቦርሳ የአንዱን አሥር እጥፍ ጊዜ አይፈጅበትም። በእጅ የሚሠራ ሹራብ ግን እንደዚያ አይደለም። ግዢውና ፎቶው ቢቀልም 12ቱ ሰዓት ከነበረበት እምብዛም አይነቃነቅም። እንዲህ ሲሆን ያለው መንገድ ዋጋ መጨመር፣ እንደ ኮፍያ ወዳለ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ መዞር፣ ወይም የአሠራሩን መመሪያ ጽፎ መሸጥ ነው። እኔ መመሪያውን አስቀድማለሁ፤ አንዴ ተጽፎ ለብዙ ሰው ይሸጣልና። ሆኖም ከመሸጡ በፊት ሌላ ሰው መመሪያውን ብቻ እያነበበ ሹራቡን ሠርቶ መጨረስ አለበት፤ የተሳሳተ የጥልፍ ቁጥር የሚገኘው ያኔ ነው።

ገዢ መኖሩን ለማወቅ የወዳጅ ዘመድ አድናቆት አይበቃም። "እንዴት ያምራል!" ያለው ሁሉ ገንዘብ አያወጣም፤ ወዳጅ ደግሞ ለማበረታታት ሲል ይገዛል። የሚታመነው ሠሪዋን የማያውቅ ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሲገዛ፣ ይልቁንም ተመልሶ ሁለተኛ ሲያዝ ነው። ትዕዛዙን የምትቀበለው ቀብድ ይዛ ከሆነ፣ ከልቡ የሚፈልገውና በጨዋታ መካከል የጠየቀው ወዲያው ይለያሉ።