ልክ ያልሆነ መነጽርና ራስ ምታት

ቁጥሩ የተሳሳተ መነጽር ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ምደባም በመነጽር ያልተስተካከለ ወይም በስህተት የተስተካከለ እይታ የሚያመጣውን ራስ ምታት ለብቻው መዝግቦታል። ያም ሆኖ ሰው እንደሚያስበው የተለመደ አይደለም። አብዛኛው ራስ ምታት ከውጥረት ወይም ከማይግሬን የሚመጣ ነው፤ መነጽር ስለተቀየረ ብቻ አይጠፋም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓይን ውስጥ ጡንቻ ነው። ቅርብ ነገር ስናይ ይህ ጡንቻ ተኮማትሮ የዓይንን ሌንስ ያወፍረዋል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለማንበብ 2.50 ያህል ቁጥር (ዳይኦፕተር) ጉልበት ያወጣል። ሩቅ አጥርቶ ለማየት የሚደረገው የማይነስ መነጽር ከልክ በላይ ከጠነከረ፣ ትርፉን የሚሸከመው ይኸው ጡንቻ ነው።

ለምሳሌ የ38 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ትክክለኛ ቁጥሯ -1.75 ነው፤ የተሠራላት ግን -2.50 ነው። ከሩቅ ሰሌዳ ስታነብ ፊደሉ ጥቁርና ጥርት ያለ ስለሚመስላት ደስ ይላታል። ችግሩ ጠረጴዛዋ ላይ ስትቀመጥ ይጀምራል። ትርፉ 0.75 በ2.50 ላይ ሲደመር ዓይኗ 3.25 ማውጣት አለበት። በዚህ ዕድሜ ያለው ሙሉ አቅም ደግሞ ዝቅ ብሎ ሲገመት 5.5 ገደማ ነው፤ ሳይደክም ቀኑን ሙሉ የሚያሠራው ግማሹ፣ ማለትም 2.75 ብቻ ነው። በትክክለኛው መነጽር ትችለው ነበር፤ በዚህኛው ግን አልፋዋለች። ጠዋት ደህና ትውላለች፣ ከሰዓት በኋላ ከቅንድቧ በላይ ይከብዳታል፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ስትል ሩቁ ለጥቂት ሰከንድ ይደበዝዝባታል። የ18 ዓመት ልጅ ግን ያንኑ መነጽር አድርጎ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ አቅሙ ብዙ ነውና።

እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው የዓይን ቁጥር የሚለካው ማሽን ያተመውን ወረቀት እንዳለ ወደ ሌንስ ሲለውጡት ነው። ወጣት ሰው ወደ ማሽኑ ሲመለከት ዓይኑ ሳያውቀው ቅርብ ላይ ያተኩራል፤ ማሽኑም ማይነሱን አብዝቶ ያነባል። የማሽኑ ቁጥር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። «አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው?» እየተባለ ሌንስ በሌንስ የሚደረገው ምርመራ ነው የሚያርመው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ክፍል ያለፍን ሰዎች ይህን ትዕግሥት እንደ ሙያ ክብር ነው የምንቆጥረው።

ቁጥሩ ልክ ሆኖም መነጽሩ ሊያሳምም ይችላል። የሌንሱ መሀል ከዓይን ብሌን ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሌንሶቹ በ64 ከተቆረጡ፣ በ-1 መነጽር ላይ ብዙም አይታወቅም፤ በ-5 ላይ ግን ሁለቱ ዓይኖች አንድ ምስል ለመያዝ ይታገላሉ። አንዱ ሌንስ ከሌላው ዝቅ ካለማ ከዚህም ይብሳል። መለያው ቀላል ነው፤ አንድ ዓይንዎን በእጅዎ ሲሸፍኑ ውጥረቱ ከለቀቀዎት፣ ከቁጥሩ ይልቅ የሌንሱ አቀማመጥ ወይም የሁለቱ ዓይኖች ቅንጅት ይጠረጠራል። የተሠራው ከተጻፈው ጋር መግጠሙን መነጽር ቤቱ በሌንስ መለኪያው በጥቂት ደቂቃ ያረጋግጣል።

አዲስ መነጽር፣ በተለይ የአስቲግማቲዝም፣ ማለትም ምስልን የሚያዛባ የዓይን ቅርጽ አለመስተካከል፣ ቁጥሩ የተቀየረ፣ ወለሉን ዘመም ሊያደርግ ይችላል። እስከ ሁለት ሳምንት ይልመዱት። ከዚያ ካለፈ ይመለሱበት። የሚሰማው ሕመም ከማየት ጋር የሚመጣና ዓይን ሲያርፍ የሚቀል ከሆነ መነጽሩ ይጠረጠራል። ከእንቅልፍ ሲነቁ የሚጀምር፣ ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር የግማሽ ጭንቅላት ውጋት ከሆነ ግን ወደ ጠቅላላ ሐኪም መሄድ ነው።

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ልክ ያልሆነ መነጽርም የአዋቂን ዓይን ያደክማል እንጂ አያበላሽም። ሕፃናት ላይ ጉዳዩ ይለያል። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ አንጎል ማየትን እየተማረ ስለሆነ፣ በደንብ ያልታረመ ዓይን ሰነፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት መመርመር አለበት።

ከ40 ዓመት ወዲህ ጽሑፍ እያራቁ ማንበብ ከጀመሩ ምርመራው ዋጋ አለው፤ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማም አብሮ ይታያል። የስኳር ሕመምተኛ በየዓመቱ የዓይኑን ውስጥ መታየት አለበት። የመነጽር ቁጥሩን ግን ስኳሩ ከተረጋጋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢለካ ይሻላል፤ ከፍ ባለ ጊዜ የተለካ ቁጥር ስኳሩ ሲወርድ ይለወጣልና። ዓይን ቀልቶ በኃይል ካመመ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ከታየና ካስመለሰ፣ ወይም እይታ ድንገት ከጠፋ መነጽር ቤት አይሂዱ፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ይግቡ።