አራት ዋጋ፣ አንድ ካንድል፦ ስለ ካንድልስቲክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካንድል በአንድ የተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በአንድ ሰዓት፣ ውስጥ የዋጋው አራት ቁጥር በስዕል ሲቀመጥ ነው። ኦፕን የጊዜው የመጀመሪያ ዋጋ፣ ክሎዝ የመጨረሻው ነው። ሃይ እና ሎው ደግሞ በመሃል የተነኩት ሁለት ጫፎች ናቸው። ከኦፕን እስከ ክሎዝ ያለው ወፍራም ክፍል ቦዲ ይባላል። ከዚያ ወጣ ብሎ የሚታየው ቀጭን መስመር ዊክ ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ አስር ሺህ ግብይት ቢካሄድ እንኳ ስዕሉ ላይ የሚተርፉት እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ተጥሏል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ያንኑ የተጣለውን ከስዕሉ ላይ ለማንበብ ስንሞክር ነው።

«ካንድሉ አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ዋጋው ጨምሯል»

ከምን አንጻር? ቀለሙ የሚያወዳድረው የራሱን ክሎዝ ከራሱ ኦፕን ጋር ነው። ትናንት የሆነውን አያይም።

አንድ የኒውዮርክ አክሲዮን ትናንት በ100 ዶላር ዘጋ እንበል። ገበያው ከተዘጋ በኋላ ኩባንያው ደካማ ውጤት አወጣ። ጠዋት አክሲዮኑ በ94 ተከፈተ፣ ቀኑን እያገገመ ውሎ በ97 ዘጋ። የዛሬው ካንድል አረንጓዴ ነው። ትናንት ገዝቶ ያደረ ሰው ግን 3 በመቶ ከስሯል። ዜናው «ወረደ» ይላል፣ ቻርቱ አረንጓዴ ያበራል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ፎሬክስ ላይ ይህ ብዙ አያጋጥምም። በሳምንቱ መሃል ገበያው ስለማይዘጋ የአንዱ ቀን ክሎዝ እና የቀጣዩ ኦፕን ይቀራረባሉ። ክፍተት የሚፈጠረው በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድን ተሻግሮ ነው። ሌላም አለ፦ የቻይናን የአክሲዮን ቻርት የከፈተ ሰው ቀዩን አይቶ እንዳይደነግጥ። እዚያ ቀይ የጭማሪ ቀለም ነው።

«ካንድሉን ካየሁ ዋጋው በየት በየት እንደሄደ አውቃለሁ»

ይሄኛው ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን በቁጥር እንየው።

የዩሮ/ዶላር የአንድ ሰዓት ካንድል እንውሰድ። ኦፕን 1.1000፣ ሃይ 1.1040፣ ሎው 1.0970፣ ክሎዝ 1.1020። አንድ ሰው ሰዓቱ እንደተጀመረ በ1.1000 ገዛ። ኪሳራውን የሚቆርጥለትን ስቶፕ ሎስ 1.0975 ላይ፣ ትርፉን የሚሰበስብለትን ቴክ ፕሮፊት 1.1035 ላይ አስቀመጠ። ካንድሉ ሁለቱንም ዋጋ ነክቷል። ሰውየው አተረፈ ወይስ ከሰረ?

መልሱ ካንድሉ ላይ የለም። ወደ 15 ደቂቃ ቻርት እንውረድ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ዋጋው 1.0970 ድረስ ከወረደ ስቶፑ ተመቷል፣ 25 ፒፕ ሄዷል፤ እዚህ አንድ ፒፕ 0.0001 ነው። ከዚያ በኋላ 1.1040 መውጣቱ ለሱ ምንም አይፈይድም። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት 1.1040 ነክቶ፣ መውረዱ በሦስተኛው ሩብ ከመጣ ግን 35 ፒፕ ኪሱ ገብቷል። ሁለቱም መንገዶች መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት የሰዓት ካንድል ይሠራሉ። ምክንያቱም ትልቁ ካንድል ሲሠራ የሚወሰደው የመጀመሪያው ሩብ ኦፕን፣ የመጨረሻው ሩብ ክሎዝ፣ ከአራቱም ደግሞ ትልቁ ሃይ እና ትንሹ ሎው ነው። የትኛው ቀደመ የሚለው በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ስትራቴጂውን ባለፉ ቻርቶች ላይ የሚፈትሽ ሰው ይህን ካላወቀ ጉድ ይሆናል። ሶፍትዌሩ በዝርዝር ዳታ ካልተደገፈ ቅደም ተከተሉን መገመት አለበት። ለምሳሌ TradingView በነባሪ አሠራሩ ኦፕኑ ለየትኛው ጫፍ እንደሚቀርብ ያያል። ለሃይ ከቀረበ መጀመሪያ ወደ ላይ ሄዷል ብሎ ይወስዳል፣ ካልሆነ መጀመሪያ ወደ ታች። በእኛ ምሳሌ ኦፕኑ ከሎው 30 ፒፕ፣ ከሃይ 40 ፒፕ ይርቃል። ስለዚህ «ስቶፑ ተመታ» ብሎ ኪሳራ ይመዘግባል። እውነተኛው ገበያ ግን ተቃራኒውን አድርጎ ሊሆን ይችላል። ስቶፑ እና ቴክ ፕሮፊቱ በአንድ ካንድል ውስጥ የሚገቡ ከሆነ ታይምፍሬሙን ማውረድ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም።

«ከታች ረጅም ዊክ አለ፣ ገዢዎች አሸንፈዋል፣ ዋጋው ሊወጣ ነው»

ዊኩ የሚለው ዋጋው እዚያ ደርሶ እንደነበር እና እዚያ እንዳልዘጋ ብቻ ነው። ለምን እንደደረሰ፣ እዚያ ምን ያህል እንደቆየ፣ ነገ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 የዳው ጆንስ ካንድል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኢንዴክሱ 10,868 አካባቢ ተከፈተ፣ ሎው 9,869.62 ላይ፣ ክሎዝ 10,520.32 ላይ ሆነ። ቦዲው 348 ነጥብ ያህል ቀይ ነው። ከሥሩ የተንጠለጠለው ዊክ ግን 650 ነጥብ ነው። ካንድሉን ብቻ ያየ ሰው «ቀኑን ሙሉ ትግል ነበር፣ በመጨረሻ ገዢዎች አገገሙ» ሊል ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የዚያ ዊክ ትልቁ ክፍል የተሠራው ከሰዓት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አውቶማቲክ የሽያጭ ትዕዛዞች ሲጎርፉ የገዢ ትዕዛዝ ከገበያው ጠፋ፣ ዋጋው ተምዘግዝጎ ወረደ፣ አብዛኛውንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሶ አገኘ። ፍላሽ ክራሽ የተባለው ይኸው ነው።

ከዚያስ? በማግስቱ ዳው ሌላ 140 ነጥብ ያህል ወረደ። ሰኞ የአውሮፓ መንግሥታት ለዩሮ አገሮች ትልቅ የማዳኛ ገንዘብ ማዘጋጀታቸው ተሰምቶ ከ400 ነጥብ በላይ ዘለለ። ጁላይ 2 ላይ ደግሞ በ9,686.48 ዘጋ፣ ማለትም ከዚያ የዊክ ጫፍም በታች። ያንን ዊክ «የማይሰበር ወለል» ብሎ የያዘ ሰው ሁለት ወር አልሞላውም።

«ዊኩ ስቶፔ ጋ አልደረሰም፣ ግን ተዘጋብኝ። ብሮከሩ አጭበርብሮኛል»

ሊሆን ይችላል፣ አጭበርባሪ ብሮከር ሞልቷል። ከመክሰስህ በፊት ግን አንድ ነገር ተመልከት፦ ካንድሉ የተሠራው ከየትኛው ዋጋ ነው?

በማንኛውም ቅጽበት ሁለት ዋጋ አለ። ቢድ አንተ የምትሸጥበት ነው፣ አስክ የምትገዛበት። በመሃላቸው ያለው ልዩነት ስፕሬድ ነው። MetaTrader በተባለው የግብይት ሶፍትዌር ላይ የፎሬክስ ካንድሎች የሚሳሉት ከቢድ ነው። ሸጠህ የገባህበት ትሬድ የሚዘጋው ግን በመግዛት ነው፣ ማለትም በአስክ።

ስቶፕህ 1.1030 ላይ ነበር እንበል። የካንድሉ ሃይ 1.1029 ይላል። «አንድ ፒፕ ቀርቶት!» ብለህ ትናደዳለህ። ስፕሬዱ 2 ፒፕ ከነበረ አስኩ 1.1031 ደርሷል፣ ስቶፑም በትክክል ተመቷል። ዜና ሲወጣ እና ቀኑ ሲቀየር ስፕሬዱ በጣም ስለሚሰፋ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። የተገላቢጦሹም አለ። ታች ላይ የመግዣ ሊሚት አስቀምጠህ፣ የካንድሉ ሎው ነክቶት ትዕዛዙ ሳይሞላ ይቀራል። አስኩ እዚያ አልወረደማ። ለማጣራት የዚያን ደቂቃ ስፕሬድ ሃይ ላይ ደምር። MetaTrader 5 የቲክ ዳታ ስለሚያወርድ ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን ማየት ትችላለህ። ሂሳቡ አሁንም ካልገጠመ፣ ያኔ ብሮከሩን መጠየቅ ነው።

«መዶሻ ካንድል እየተሠራ ነው፣ ቶሎ ልግባ»

መዶሻ የሚባለው ከላይ ትንሽ ቦዲ፣ ከሥር ረጅም ዊክ ያለው ካንድል ነው። እየተሠራ ያለ ካንድል ግን ክሎዝ የለውም። እዚያ የምታየው የአሁኑ ዋጋ ነው። ኦፕኑ ተቆርጧል። ሃይ እና ሎው ሊሰፉ እንጂ ሊጠቡ አይችሉም። በ50ኛው ደቂቃ ላይ ያማረ መዶሻ በ58ኛው ደቂቃ ሙሉ ቀይ ሆኖ ሊዘጋ ይችላል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

«የቀን ካንድል ያው የቀን ካንድል ነው፣ የትም ብከፍተው አንድ ነው»

የማን ቀን? ፎሬክስ አንድ ማዕከላዊ ገበያ የለውም። በልማድ ቀኑ የሚዘጋው ኒውዮርክ ላይ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ ይህ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በሚያስቀድሙበት ወራት ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ 7 ሰዓት ነው። ብሮከርህ ሰርቨሩን በሌላ ሰዓት ካስተካከለው የቀኑ ኦፕን እና ክሎዝ ከሌላ ቦታ ይቆረጣሉ። አንዱ ቻርት ላይ ቀይ የሆነ ካንድል ሌላው ላይ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። በግሪንዊች ሰዓት የሚሠሩት ላይ ደግሞ የእሁድ ድንክ ካንድል ይመጣል። ከሁለትና ሦስት ሰዓት ግብይት የተሠራ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ማዕከላዊ ገበያ ባለበትም ክሎዝ አከራካሪ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የሜይ ውል፣ ማለትም በሜይ ለሚረከቡት ነዳጅ አስቀድሞ ዋጋ የሚቆረጥበት የፊውቸርስ ውል፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዜሮ በታች ወረደ። ኦፕን 17.73 ዶላር፣ ሃይ 17.85፣ ሎው ከዜሮ በታች 40.32 ነበር። ክሎዙስ? ገበያው ሒሳብ የሚያወራርድበት ይፋዊው ዋጋ ከዜሮ በታች 37.63 ነው። ይህ የሚሰላው ከቀኑ 8:28 እስከ 8:30 በኒውዮርክ በተደረጉ ግብይቶች አማካይ ነው። ግብይቱ ግን ከዚያ በኋላም ቀጥሏል፣ የዕለቱ የመጨረሻ ዋጋም ከዜሮ በታች 13 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር።

እስቲ ሁለቱን እንሳላቸው። ይፋዊውን ከወሰድን የታችኛው ዊክ ከ3 ዶላር ያነሰ ነው። ከላይ እስከ ታች የተሞላ ግዙፍ ቀይ ቦዲ ይሆናል፣ «ሻጮች እስከ መጨረሻው ገፉ» የሚያስብል። የመጨረሻውን ግብይት ከወሰድን ዊኩ 27 ዶላር ይሆናል፣ ቦዲው ይቀንሳል፣ «ገዢዎች ከታች አነሱት» የሚያስብል። ቀኑ አንድ ነው፣ ውሉ አንድ ነው፣ ሃይ እና ሎውም አንድ ናቸው። የዚያን ዕለት ውሉን ይዞ የነበረ ሰው ሒሳቡ የተሠራው በመጀመሪያው ነው። ስለዚህ የፊውቸርስ የቀን ቻርት ስትከፍት ክሎዙ ማወራረጃው ዋጋ ይሁን ወይስ የመጨረሻው ግብይት፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ እይ። TradingView ላይ በአንድ ምርጫ ይቀየራል።