«ተሻጋሪ ብክለት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በምግብ ንጽሕና መመሪያዎች ውስጥ የምናነበው «ተሻጋሪ ብክለት» የሚለው ቃል፣ በጥሬ ሥጋ ላይ ያለ ጀርም በእጅ፣ በቢላዋ ወይም በመክተፊያ አማካኝነት ወደ ሌላ ምግብ መተላለፉን ያመለክታል። ብዙ ሰው «ዶሮው ይበስል የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ በዶሮው ላይ ያለው ሳልሞኔላ የተባለ ጀርም ወጡ በደንብ ሲንተከተክ ይሞታል፤ አደጋው የሚመጣው ዶሮው በተገነጠለበት መክተፊያ ላይ ለሰላጣ ከሚከተፉት ቲማቲምና ቃሪያ ነው፤ እነዚህ እሳት ሳይነካቸው ይበላሉና። ስለዚህ ሰላጣውን አስቀድሞ ከትፎ ማስቀመጥ፣ ቢቻልም የሥጋውን መክተፊያና ቢላዋ ለይቶ መያዝ ይገባል።

መክተፊያውን በውሃ ማለቅለቅ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ይለቃል፤ ከዚያም 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበትና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይደርቃል። ቅባትና የሥጋ ቅሪት የበረኪናውን ኃይል ስለሚያዳክሙ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። እጅም ዶሮ ከነካ በኋላ፣ የበርበሬውን ዕቃ ከመክፈት በፊት፣ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታሻል።

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የቆየ ልማዳችን ቢሆንም ጀርሙን አያጠፋውም፤ የሚፈናጠረው ውሃ በአካባቢው ያለውን ዕቃ ይበክላል። የሚያጥብ ሰው በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠብ፤ ሲጨርስም ገንዳውንና ዙሪያውን በሳሙና ያጽዳ።