5፡30 እና 5፡45፦ ስለ ህንድና ኔፓል ሰዓት የሚባሉ ስህተቶችና እውነታው

የህንድ ሰዓት በለንደን ካለው ግሪንዊች በ5 ሰዓት ከ30፣ የኔፓል ደግሞ በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። ሙሉ ሰዓት አለመሆናቸው ብዙ የተሳሳተ ወሬ አስነስቷል።

«የአገሮች የሰዓት ልዩነት በሙሉ ሰዓት እንዲሆን የሚያዝ ዓለም አቀፍ ሕግ አለ።»

የለም። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው በ1884 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የተካሄደው ጉባኤ ነው። ጉባኤው የወሰነው ግን የኬንትሮስ መነሻ ግሪንዊች እንዲሆንና ዓለም አቀፉ ቀን ከዚያ እንዲቆጠር ብቻ ነው፤ የየአገሩን ሰዓት አልነካም። ሰዓቱን የሚወስነው እያንዳንዱ መንግሥት ነው።

«ህንድ 30 ደቂቃ የጨመረችው ከሌላው ለመለየት ብላ ነው።»

ስሌቱን እንየው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ኬንትሮስ ሰዓቱ 4 ደቂቃ ይቀድማል። ቦምቤይ 72.8 ዲግሪ ላይ ስላለች በፀሐይ ሲለካ ግሪንዊችን 4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ትቀድማለች። ካልካታ ደግሞ 88.4 ላይ ሆና 5 ሰዓት ከ53 ትቀድማለች። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ከአንድ ሰዓት ይበልጣል፤ ለባቡር መርሐ ግብር ይህ ራስ ምታት ነበር።

አንድ ሰዓት ለሁሉም ሲመረጥ 5፡00 ቢባል ካልካታ 53 ደቂቃ ከፀሐይዋ ወደኋላ ትቀራለች። 6፡00 ቢባል ደግሞ የቦምቤይ ሰዓት ፀሐይዋን በ69 ደቂቃ ይቀድማል። የአገሪቱ መሐል አካባቢ የሚያልፈው 82.5 ዲግሪ ግን በ4 ሲባዛ 330 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ30 ይሰጣል። በዚህ ምርጫ የቦምቤይ ስህተት 39፣ የካልካታ 23 ደቂቃ ነው። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ይህንን ከጥር 1 ቀን 1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው። ከተሞቹ ግን በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ ካልካታ የራሷን ሰዓት እስከ 1948፣ ቦምቤይ እስከ 1955 ይዛ ቆይታለች።

«የኔፓል 15 ደቂቃ ከህንድ ጋር ያለ እልህ ብቻ ነው።»

እልህ የለበትም ብሎ መማል ይከብዳል፤ ኔፓል እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ የምትጠቀመው የህንድን 5፡30 ነበር። ቁጥሩ ግን ከአየር ላይ የተቀጠፈ አይደለም። መለኪያ የሆነው መስመር በጋውሪሻንካር ተራራ በኩል የሚያልፈው 86 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ኬንትሮስ ነው፤ 86.25 በ4 ሲባዛ ልክ 345 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት ከ45 ይሆናል። የካትማንዱ የፀሐይ ሰዓት 5 ሰዓት ከ41 ገደማ ስለሆነ አዲሱ ሰዓት ከፀሐይ የሚርቀው በ4 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀድሞው በ11 ደቂቃ ይርቅ ነበር።

«እኛም ከዓለም 6 ሰዓት ስለምንለይ የራሳችን የሰዓት ቀጠና አለን።»

6 ሰዓቱ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የቀጠና ልዩነት አይደለም። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ እንደ ኬንያ። የሚገርመው አዲስ አበባ 38.75 ዲግሪ ላይ ስላለች በፀሐይ የሚገባት 2 ሰዓት ከ35 ነው፤ ለእሷ ብቻ ቢሆን 2፡30 ይቀርባት ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ኬንያ ውስጥ 2፡30ም 2፡45ም ተሠርቶባቸዋል።

ሁለቱን ልዩነቶች ማደባለቅ ስልክ ያስመልጣል። ዴልሂ ያለ ሆስፒታል «10፡00 ላይ ደውሉ» ካለ በመጀመሪያ የህንድና የኢትዮጵያ ልዩነት የሆነው 2 ሰዓት ከ30 ይቀነሳል፤ 7፡30 ይሆናል። ከዚያ 6 ሲቀነስ ከጠዋቱ 1፡30 ነው። ልዩነቱን «ሁለት ሰዓት ነው» ብሎ ያጠጋጋ ሰው 2፡00 ላይ ሲደውል ዴልሂ 10፡30 ሆኗል፤ «ሦስት ነው» ያለው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደውላል።

«ፕሮግራም ስጽፍ ልዩነቱን እንደ አንድ ቁጥር ባስቀምጠው ይበቃል።»

ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ቦታ 5፡45ን ወደ 5 ይቆርጠዋል፤ ስህተቱም ልክ 45 ደቂቃ ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል። የበለጠ የሚያሳስተው 5.45 ብሎ መጻፍ ነው። በአስርዮሽ 45 ደቂቃ 0.75 ስለሆነ ትክክለኛው 5.75 ነው፤ 5.45 ግን 5 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይሆንና ስብሰባው በ18 ደቂቃ ይዛባል።

በአሉታዊ ምልክት በኩል ያለው ወጥመድ በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ይታያል፤ በክረምት ከግሪንዊች 3 ሰዓት ከ30 ወደኋላ ናት። ምልክቱን ለሰዓቱ ብቻ ሰጥቶ ደቂቃውን የሚደምር ኮድ እንዲህ ይሳሳታል፦

```
-3*60 + 30    = -150
-(3*60 + 30)  = -210
```

ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ልዩነቱን በደቂቃ መያዝ ይሻላል፤ ለወደፊት ቀጠሮ ደግሞ `Asia/Kathmandu` ወይም `America/St_Johns` የሚለውን የቀጠና ስም ማስቀመጥ ነው፤ መንግሥት ሰዓቱን ቢቀይር የቀጠና መረጃው ሲታደስ ይስተካከላል። ሰሜን ኮርያ በ2015 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን 30 ደቂቃ ወደኋላ መልሳ፣ በ2018 ወደ ቀድሞው ስትመለስ ቁጥሩን ብቻ የያዙ ፕሮግራሞች ሁለት ጊዜ መታረም ነበረባቸው።