ባለ ብዙ ቀለም ሎጎን ለማኅተም፣ ለጋዜጣና ለደረሰኝ በጥቁር ብቻ ማውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግሬይስኬል ካደረግኩት ጥቁርና ነጭ ሆነልኝ ማለት ነው»

ኧረ አልሆነም፣ ግራጫ ነው የሆነልህ። ማኅተም ደግሞ ግራጫ አያውቅም፤ ላስቲኩ ወይ ወረቀቱን ይነካል ወይ አይነካም። ጋዜጣም ቢሆን ግራጫን የሚያሳየው በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ወረቀቱ ቀለም ስለሚመጥ ነጠብጣቦቹ ይሰፉና ግራጫው ካሰብከው በላይ ይጠቁራል።

ሱሉልታ ላይ ወተት የሚሸጥ ማኅበር አለ እንበል። ሎጎው አረንጓዴ ተራራ፣ ከጀርባው ቢጫ ፀሐይ፣ ተራራው ላይ ቀይ ላም ነው። በስክሪን ቀለም መለኪያ፣ ማለትም በቀይ R፣ በአረንጓዴ G እና በሰማያዊ B መጠን፣ ቀዩ R 220 G 30 B 40፣ አረንጓዴው R 0 G 130 B 60 ቢሆን፣ በተለመደው የግራጫ ስሌት (0.299R + 0.587G + 0.114B) ቀዩ 88፣ አረንጓዴው 83 ይወጣል፤ ይህም ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ነው። አንድ ዓይነት ግራጫ በሉት። ስክሪን ላይ ፍንትው ብላ የምትታየው ላም ተራራው ውስጥ ትጠፋለች።

«እሺ፣ እንግዲያው ሁሉንም ጥቁር ልቀባው»

ያኔ ላሟም ተራራውም ፀሐይዋም አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናሉ። ድሮ በቀለም የተለያየውን አሁን የሚለየው ነጭ ቦታ ነው። ስለዚህ ተራራው ጥቁር ይሁን፣ ላሟ ከውስጡ ተቆርጣ በነጭ ትውጣ፣ ፀሐይዋ በመስመር ብቻ ትሳል፣ በእሷና በተራራው መካከልም ክፍተት ይኑር። ጥላና እየደበዘዘ የሚሄድ ቀለም ካለ ይውጣ።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ክፍተቱ ላይ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ማኅተም ስሙ ዙሪያውን ከተጻፈ በኋላ መሃል ላይ ለሎጎው የሚተርፈው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ስትሠራ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት በቂ ይመስልሃል፣ ማኅተሙ ላይ ግን 0.2 ይሆንና ቀለም ይደፍነዋል። እዚያ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲቀር ከፈለግክ ስትሠራው 2.5 አድርገው። የላሟ እግሮች መሃል ይህን ካልቻለ አራቱን እግር ሁለት አድርገህ ለማኅተሙ ብቻ ቀለል ያለች ላም ሳል፤ ማንም አይቆጥርም። ማረጋገጫው ርካሽ ነው፦ በ2 ሴንቲ ሜትር አትመህ ፎቶኮፒ አድርገው፣ ኮፒውን ደግሞ መልሰህ ኮፒ አድርገው። የተደፈነውን ቦታ አስፋው።

«ጥቁር ያው ጥቁር ነው»

ለጋዜጣና ለባለ አንድ ቀለም ደረሰኝ ፋይሉ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች መለኪያ፣ በCMYK፣ C 0 M 0 Y 0 K 100፣ ማለትም ጥቁሩ ቀለም ብቻ መሆን አለበት። የስክሪኑ ጥቁር ወደ CMYK ሲቀየር ብዙ ጊዜ የአራት ቀለም ድብልቅ ይሆናል። አራቱ በትክክል ካልተደራረቡ ቀጫጭኑ ፊደል ባለ ቀለም ጠርዝ ያወጣል፤ የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ከታተመ ደግሞ ሎጎው ገርጥቶ ይወጣል።

«ማኅተሙ ሰማያዊ ስለሆነ ፋይሉንም ሰማያዊ አድርጌ ልላክ»

አያስፈልግም፣ ጥቁሩን ላክ፤ ሰማያዊው የሚመጣው ከታምፖኑ ነው። ገልብጠህም አትላክ፣ ማኅተም ቀራጩ ራሱ ይገለብጠዋል። ሁለታችሁም ከገለበጣችሁት ላሟ ምንም አትሆንም፣ ጽሑፉ ግን በመስታወት የሚነበብ ይሆናል።